ካልሲየም ፍሎራይድ በጀሪካን ውሃ ውስጥ፦ የኮመን አዮን ስሌት ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳር ውስጥ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ጥያቄው ይህን ይመስላል፦ ካልሲየም ፍሎራይድ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ይሟሟል? 0.010 ሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ ባለበት ውሃ ውስጥስ?

የመጀመሪያውን ይሠሩታል። ሁለተኛው ላይ ግን 2 ቁጥር የት እንደምትገባ ይጠፋቸዋል። አንዱ ሁለት ጊዜ ያስገባታል። ሌላው ጭራሽ ይረሳታል። እዚህ ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን። ከዚያ ፍሎራይዱን ትተን በካልሲየም በኩል እንሞክረዋለን። ሁለቱ መልሶች በጣም ይራራቃሉ፤ እኔ ይህን ጨው የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ብዙ መምህራን በሲልቨር ክሎራይድ ይጀምራሉ። እኔ አልወደውም። እዚያ አንድ ሲልቨር ለአንድ ክሎራይድ ስለሆነ በየትኛውም በኩል ብትጨምሩ መልሱ አንድ ነው። ዋናው ነገር ተደብቆ ይቀራል። በዚያ ላይ ክሎራይዱ ሲበዛ ሲልቨርን ይዞ `AgCl₂⁻` የሚባል ሌላ አዮን ይሠራል። ስለዚህ በ0.10 ሞላር የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ የሚሰጠው የተለመደው መልስ ከእውነቱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ካልሲየም ፍሎራይድ በምንሠራበት መጠን ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም።

መነሻው

«ጨው» ስል የወጥ ጨው ብቻ ማለቴ አይደለም። ከአዎንታዊና ከአሉታዊ አዮኖች የተሠራ ማንኛውም ውሕድ ለኬሚስት ጨው ነው። ካልሲየም ፍሎራይድ በተፈጥሮ ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆኖ ይገኛል። ውሃ ውስጥ ሲገባ በጣም ጥቂቱ ብቻ ይሟሟል፦

`CaF₂(s) ⇌ Ca²⁺ + 2F⁻`

አንድ `CaF₂` ሲሟሟ አንድ ካልሲየምና ሁለት ፍሎራይድ ይለቃል። ከሥር ያልሟሟ ጠጣር እስካለ ድረስ፣ ነገሩ ከረጋ በኋላ፣ ይህ ብዜት ቋሚ ነው፦

`Ksp = [Ca²⁺][F⁻]² = 3.45 × 10⁻¹¹`

ቁጥሩ ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የእናንተ መጽሐፍ 3.9 × 10⁻¹¹ ሊል ይችላል። በጣም የራቀ ቁጥር የሚሰጡ የቆዩ ሰንጠረዦችም አሉ። ፈተና ላይ የተሰጣችሁን ቁጥር ተጠቀሙ፤ ከሌላ ቦታ በቃላችሁ የያዛችሁትን አታምጡ።

ከዚህ ቀመር አንድ ነገር ልብ በሉ። Ksp አዮኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከጠጣሩ ይምጣ፣ ከሌላ ጨው ይምጣ፣ ከቧንቧ ውሃው ይምጣ፣ `[F⁻]` ማለት ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በሙሉ ነው። ኮመን አዮን የሚባለው ነገር በሙሉ ከዚህ ይወጣል። አንዱ አዮን ከውጭ ተጨምሮ ሲበዛ፣ ብዜቱ ቋሚ እንዲሆን ሌላው ማነስ አለበት። ሌላው የሚያንሰው ደግሞ ጠጣሩ ባነሰ መጠን ሲሟሟ ነው። Ksp ራሱ አይነካም። ተማሪ «ኮመን አዮን ሲጨመር Ksp ይቀንሳል» ብሎ ሲጽፍ ሳይ ያመኛል። የሚቀንሰው የሚሟሟው መጠን ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ንጹሑን ውሃ ሥሩ

ጥያቄው ባይጠይቅም ይህን ሥሩ። በኋላ መልሳችሁን የምትፈትሹት በዚህ ነው።

በአንድ ሊትር የሚሟሟውን የ`CaF₂` መጠን በሞል s እንበለው። እንግዲህ ካልሲየሙ s ነው። ፍሎራይዱ 2s ነው። ቀመሩ ውስጥ ስናስገባው፦

`(s)(2s)² = 4s³ = 3.45 × 10⁻¹¹`

`s³ = 8.625 × 10⁻¹²`

`s = 2.05 × 10⁻⁴` ሞላር

4 የመጣችው ከ2 ካሬ ነው። መጀመሪያ ፍሎራይዱ 2s ሆነ፣ ቀጥሎ ቀመሩ ካሬ አደረገው። «ሁለት ጊዜ ቆጠርን እንዴ?» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። አልቆጠርንም። 2s የፍሎራይዱ መጠን ነው። ካሬው ደግሞ የቀመሩ ሕግ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የስልክ ካልኩሌተር የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስተኛውን ሥር ስታወጡ 1/3 የሚለውን ቅንፍ ውስጥ አስገቡት። ያለ ቅንፍ `^1/3` ብላችሁ ከጻፋችሁ ማሽኑ ቁጥሩን ለ3 አካፍሎ 2.875 × 10⁻¹² ይሰጣችኋል። እንዲህ ያለ የማይመስል ትንሽ ቁጥር ካያችሁ ችግሩ ኬሚስትሪው ላይ አይደለም፣ ቅንፉ ላይ ነው።

አሁን ወደ ግራም እንለውጠው። የአንድ ሞል `CaF₂` ክብደት 78.07 ግራም ነው። 2.05 × 10⁻⁴ ሲባዛ በ78.07 በሊትር 0.0160 ግራም፣ ማለትም 16 ሚሊግራም ይሆናል። በባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ስናስበው 320 ሚሊግራም ነው። የሻይ ማንኪያ ጫፍ ላይ የምትያዝ ብናኝ ብቻ። የቀረው ሥር ላይ ይቀመጣል።

ደረጃ 2፦ አዮኖቹ ከየት እንደመጡ ለዩ

አሁን ጀሪካኑ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሳይሆን 0.010 ሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ አለ እንበል። በግራም ስናሰላው በሊትር 0.42 ግራም፣ በጀሪካኑ 8.4 ግራም ገደማ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ብቻ ሥሩት። ሶዲየም ፍሎራይድ መርዝ ነው፤ የውሃ ጀሪካን አጠገብ አይድረስ።

ሶዲየም ፍሎራይድ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ሶዲየሙ ቀመሩ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ እንተወዋለን። ፍሎራይዱ ግን ቀመሩ ውስጥ አለ። የጋራ የሆነው አዮን እሱ ነው።

| | Ca²⁺ | F⁻ |
|---|---|---|
| ከመሟሟቱ በፊት | 0 | 0.010 |
| ከጠጣሩ የሚመጣ | s | 2s |
| በመጨረሻ | s | 0.010 + 2s |

ግርግሩ ያለው እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ 0.010ንም በ2 ማባዛት የለብንም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚያባዛው።

«0.010 ከየት መጣ?» አልኳት።

«ከሶዲየም ፍሎራይድ።»

«አንድ ሶዲየም ፍሎራይድ ስንት ፍሎራይድ ይለቃል?»

«አንድ... እሺ፣ ገባኝ።»

በ2 የምናባዛው ከ`CaF₂` የሚመጣውን ብቻ ነው። ሁለት ፍሎራይድ የሚለቀው እሱ ነዋ። ሶዲየም ፍሎራይድ አንድ ለአንድ ነው፣ ስለዚህ 0.010 እንዳለ ይገባል። ጥያቄው ሌላ ሲሆን ግን መልሱም ሌላ ነው። ለምሳሌ ሌድ ክሎራይድን በ0.010 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሥሩ ብትባሉ፣ አንድ `CaCl₂` ሁለት ክሎራይድ ስለሚለቅ የመነሻው ክሎራይድ 0.020 ይሆናል። መመሪያው አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ምንጭ ለብቻው «ስንት ትለቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ አቋራጩ እንደሚያዋጣ ከመጀመራችሁ በፊት እወቁ

ሙሉው ቀመር ይህ ነው፦

`(s)(0.010 + 2s)² = 3.45 × 10⁻¹¹`

ይህን ብትበትኑት s ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለበት ረጅም ነገር ይወጣል። ማንም በእጅ ሊፈታው አይፈልግም። መጽሐፉ «2s ትንሽ ስለሆነ ተወው» ይላችኋል። ትንሽ መሆኑን ግን በምን አወቅን? s ገና አልተገኘም። ብዙ ተማሪ ዝም ብሎ ያምናል፣ አንድ ቀን የማይሠራበት ጥያቄ ሲመጣም እንደዚያው ይተወዋል።

ደረጃ 1ን የሠራነው እዚህ ይጠቅመናል። ፍሎራይድ ሲጨመር የሚሟሟው መጠን ከንጹሕ ውሃው ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ስለዚህ s ቢበዛ ቢበዛ 2.05 × 10⁻⁴ ነው። 2s ቢበዛ ቢበዛ 4.1 × 10⁻⁴ ነው። ይህ ከ0.010 ጋር ሲነጻጸር 4 በመቶ ገደማ ነው። እውነተኛው ደግሞ ከዚህም በብዙ ያንሳል። እንግዲያው መተው ይቻላል፣ ያውም ሳንሠራ አወቅነው።

ደረጃ 4፦ ሥሩትና መልሳችሁ አስገቡት

2sን ስንተወው ቀመሩ ይቀላል፦

`(s)(0.010)² = 3.45 × 10⁻¹¹`

`s = 3.45 × 10⁻¹¹ ÷ (1.0 × 10⁻⁴) = 3.45 × 10⁻⁷` ሞላር

እዚህ 4s³ የለም። ሦስተኛ ሥርም የለም። ተማሪው ከደረጃ 1 የለመደውን 4s³ ይዞ ይመጣና እዚህም ይጽፈዋል። 4s³ የሚሠራው ፍሎራይዱ በሙሉ ከጠጣሩ ሲመጣ ብቻ ነው። አሁን ግን ፍሎራይዱ በሙሉ ማለት ይቻላል ከሶዲየም ፍሎራይድ ነው የመጣው።

መልሰን እናስገባው። 2s ማለት 6.9 × 10⁻⁷ ነው። 0.010 ላይ ሲደመር 0.01000069 ይሆናል። መተዉ ምንም አላጎደለም።

በግራም ሲለወጥ በሊትር 0.027 ሚሊግራም ነው። በጀሪካኑ 0.54 ሚሊግራም። ቅድም 320 ሚሊግራም ነበር። ሲካፈል 600 እጥፍ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ፍሎራይቱን እዚያ ጀሪካን ውስጥ ከታችሁ ቢመሽም ቢነጋም ብታማስሉት በዓይን የሚታይ ለውጥ አታገኙም።

ስንት ጠጣር እንደተጨመረ ለውጥ አያመጣም። ሥር ላይ አንድ ማንኪያ ይኑር አንድ ኪሎ፣ ውሃው የሚይዘው ያው ነው። ጠጣሩ ቀመሩ ውስጥ የማይገባውም ለዚሁ ነው።

ደረጃ 5፦ አሁን በካልሲየም በኩል ጨምሩ

ሶዲየም ፍሎራይዱን እንርሳው። በምትኩ ሌላ ጀሪካን ላይ 0.010 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ እናድርግ። ይህ ጨው ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሁለት የውሃ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ጠርሙሱ ላይ `CaCl₂·2H₂O` የሚል ካለ ለአንድ ሊትር 1.47 ግራም መዝኑ። ውሃ የሌለው ደረቁ ከሆነ 1.11 ግራም ይበቃል። ይህን ሳያዩ የመዘነ ሰው ካልሲየሙ ሩብ ያህል ይጎድልበታል፣ ምክንያቱንም አያገኘውም።

አሁን የጋራው አዮን ካልሲየም ነው፦

| | Ca²⁺ | F⁻ |
|---|---|---|
| ከመሟሟቱ በፊት | 0.010 | 0 |
| ከጠጣሩ የሚመጣ | s | 2s |
| በመጨረሻ | 0.010 + s | 2s |

s ከ2.05 × 10⁻⁴ ስለማይበልጥ 0.010 አጠገብ 2 በመቶ ገደማ ነው። እንተወው። ክሎራይዱ 0.020 ነው፣ ግን ቀመሩ ውስጥ ስለሌለ አያገባንም።

`(0.010)(2s)² = 3.45 × 10⁻¹¹`

`4s² = 3.45 × 10⁻⁹`

`s² = 8.625 × 10⁻¹⁰`

`s = 2.94 × 10⁻⁵` ሞላር

በሊትር 2.3 ሚሊግራም። በጀሪካኑ 46 ሚሊግራም።

እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ንጹሕ ውሃ 320 ሚሊግራም። ካልሲየም ያለበት 46። ፍሎራይድ ያለበት 0.54። የተጨመረው መጠን በሁለቱም ጀሪካን እኩል 0.010 ሞላር ነው። በካልሲየም 7 እጥፍ ቀነሰ፣ በፍሎራይድ 600 እጥፍ።

ምክንያቱ ቀመሩ ላይ በግልጽ ይታያል። ፍሎራይዱ ካሬ አለው። ፍሎራይዱን 10 እጥፍ ብታሳድጉት ካሬው 100 እጥፍ ያድጋል፣ ስለዚህ ካልሲየሙ 100 እጥፍ ማነስ አለበት። የሚሟሟው መጠን የሚለካው ደግሞ በካልሲየሙ ነው። በተቃራኒው ካልሲየሙን 10 እጥፍ ብታሳድጉት የፍሎራይዱ ካሬ ነው 10 እጥፍ የሚያንሰው። ፍሎራይዱ ራሱ 3.2 እጥፍ ገደማ ብቻ ይቀንሳል። ካሬ ያለበትን አዮን መጨመር ጨዉን አጥብቆ ይይዘዋል። ሌላኛውን መጨመር ግን የሚይዘው ላላ አድርጎ ነው። ፈተና ላይ «የቱ ይበልጥ ይቀንሰዋል?» የሚል ምርጫ ከመጣ ሳትሠሩ መመለስ ትችላላችሁ።

አቋራጩ ሲከዳ

አንድ ጥያቄ ልቀይር። ሶዲየም ፍሎራይዱ 0.010 ሳይሆን 1.0 × 10⁻⁴ ሞላር ቢሆንስ? ልማድ የያዘው ተማሪ በቀጥታ 2sን ይተውና እንዲህ ይሠራል፦

`s = 3.45 × 10⁻¹¹ ÷ (1.0 × 10⁻⁴)² = 3.45 × 10⁻³` ሞላር

ቁጥሩ ያምራል፣ ግን ሊሆን አይችልም። በንጹሕ ውሃ 2.05 × 10⁻⁴ ነበር። ፍሎራይድ ጨምረን የሚሟሟው 17 እጥፍ በዛ? ኮመን አዮን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ከንጹሕ ውሃው የበለጠ መልስ ካገኛችሁ አቋራጩ እንደከዳችሁ እወቁ።

በደረጃ 3 መንገድ ብትፈትሹት ኖሮ ቀድማችሁ ታዩት ነበር። 2s እስከ 4.1 × 10⁻⁴ ሊደርስ ይችላል። ይህ ከተጨመረው 1.0 × 10⁻⁴ አራት እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ቁጥር «ትንሽ ነው» ብሎ መተው አይቻልም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? በሙከራ ማጥበብ ነው። s ዜሮና 2.05 × 10⁻⁴ መካከል መሆኑን እናውቃለን። መሃሉ አካባቢ እየገመትን ሙሉው ቀመር ውስጥ እናስገባለን። የምንፈልገው ብዜቱ 3.45 × 10⁻¹¹ እንዲሆን ነው።

| የገመትነው s | ፍሎራይድ በሙሉ | ብዜቱ | ፍርዱ |
|---|---|---|---|
| 1.50 × 10⁻⁴ | 4.00 × 10⁻⁴ | 2.40 × 10⁻¹¹ | አንሷል |
| 2.00 × 10⁻⁴ | 5.00 × 10⁻⁴ | 5.00 × 10⁻¹¹ | በዝቷል |
| 1.75 × 10⁻⁴ | 4.50 × 10⁻⁴ | 3.54 × 10⁻¹¹ | ትንሽ በዝቷል |
| 1.73 × 10⁻⁴ | 4.46 × 10⁻⁴ | 3.44 × 10⁻¹¹ | ይበቃል |

መልሱ 1.73 × 10⁻⁴ ሞላር ነው። ከንጹሕ ውሃው የቀነሰው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ ኮመን አዮን ትንሽ ነው የሚሠራው። አራት መስመር ሥራ ነው፤ ሦስተኛ ደረጃ ቀመር ከመፍታት ይሻላል።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ የተጣራ ውሃ ያልቅና አንዱ ከቧንቧ ይቀዳል። ወይም «የጣና ውሃ ንጹሕ ነው» ብሎ ከሐይቁ በጠርሙስ ያመጣል። ጣና የማይጎመዝዝ ውሃ ነው፣ ግን ከአዮን ነጻ አይደለም። ወንዞቹ አፈርና ድንጋይ አጥበው ነው የሚገቡበት። የቧንቧ ውሃም ቢሆን ማንቆርቆሪያ ሥር ነጭ ነገር የሚያስቀምጥ ከሆነ ካልሲየም አለበት። እንበልና ውሃው በሊትር 20 ሚሊግራም ካልሲየም ይዟል፣ ማለትም 5.0 × 10⁻⁴ ሞላር። በዚሁ የሙከራ መንገድ ስትሠሩት s 1.18 × 10⁻⁴ ይወጣል። 16 ሚሊግራም የጠበቀው ተማሪ 9 ገደማ ያገኛል። ጨዉ አልተበላሸም፣ ሚዛኑም አልተበላሸም። ውሃው ውስጥ አስቀድሞ ኮመን አዮን ነበረ።

ስሌቱ የማይነግራችሁ

ከላይ የሠራነው አዮኖቹ እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ቆጥሮ ነው። እውነቱ እንዲያ አይደለም። ውሃው ውስጥ አዮን ሲበዛ ካልሲየሙ በአሉታዊ አዮኖች፣ ፍሎራይዱም በአዎንታዊ አዮኖች ይከበባል። ተገናኝተው ወደ ጠጣር የመመለስ ዕድላቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ከስሌቱ ትንሽ ይበልጥ ይሟሟል። በ0.010 ሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ ውስጥ ይህ ሲታረም s ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያድጋል። 600 እጥፍ ያልነው ወደ 300 ይወርዳል ማለት ነው። አቅጣጫው አይለወጥም፣ ቁጥሩ ግን ይለወጣል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይህን አይጠይቅም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ገብቶ ኬሚስትሪ የሚያጠና ግን ይህን ሳይነካ አያልፍም።

ሁለተኛው አሲድ ነው። ፍሎራይድ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን ይዞ `HF` ይሆናል። የተያዘው ፍሎራይድ ከቀመሩ ይወጣል፣ ጨዉም ያንን ለመተካት ይበልጥ ይሟሟል። የሎሚ ጭማቂ የነካው ዕቃ እንኳ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ከስሌቱ በላይ የሟሟ ነገር ካገኛችሁ መጀመሪያ ፒኤችን ለኩ።

ጥያቄውን ገልብጡት፦ የስምጥ ሸለቆ ውሃ

አንድ ሥራ ይቀረናል። እስካሁን «ስንት ይሟሟል?» ስንል ነበር። ተግባር ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተቃራኒው ነው፦ ፍሎራይዱ የበዛበትን ውሃ ካልሲየም ጨምረን ማጥራት እንችላለን ወይ? ጣና አካባቢ ያለን ሰዎች ይህ አያሳስበንም። በስምጥ ሸለቆ ግን የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

መጀመሪያ ፍሎራይዱ ለምን እንደሚበዛ እንይ። ፍሎራይት ባለበት አለት ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ካልሲየሙ በሊትር 10 ሚሊግራም ቢሆን፣ ማለትም 2.5 × 10⁻⁴ ሞላር፦

`[F⁻]² = 3.45 × 10⁻¹¹ ÷ (2.5 × 10⁻⁴) = 1.38 × 10⁻⁷`

`[F⁻] = 3.7 × 10⁻⁴` ሞላር

በ19 ስናባዛው በሊትር 7 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። ካልሲየሙ ወደ 1 ሚሊግራም ቢወርድ በዚሁ መንገድ 22 ሚሊግራም ይደርሳል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙውን ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ፍሎራይዱን የሚይዝ ኮመን አዮን ውሃው ውስጥ ስለጠፋ ፍሎራይዱ እንደልቡ ይሟሟል።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ፍሎራይዱ 1.5 ሚሊግራም ላይ እንዲቆም ስንት ካልሲየም ያስፈልጋል? 1.5 ሚሊግራም ለ19 ሲካፈል 7.89 × 10⁻⁵ ሞላር ነው። ካሬው 6.23 × 10⁻⁹ ነው።

`[Ca²⁺] = 3.45 × 10⁻¹¹ ÷ (6.23 × 10⁻⁹) = 5.5 × 10⁻³` ሞላር

በ40.08 ሲባዛ በሊትር 222 ሚሊግራም ካልሲየም ይሆናል። ለዚያውም ፍሎራይዱ ከወረደ በኋላ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ መቅረት ያለበት ነው፤ ከፍሎራይዱ ጋር ዘቅጦ የሚሄደው ሌላ ነው። ውሃው በጣም ጠንካራ ይሆናል፣ ሳሙና አያረፋም፣ ማሰሮው ሥር ይጋግራል። ቅድም የጠቀስኩት እርማት ሲገባ ደግሞ ከዚህም በላይ ካልሲየም ይጠይቃል። ካሬው በፍሎራይዱ በኩል ስለሆነ ነው፤ ከካልሲየም በኩል ስንጫን የያዝነው ደካማውን ጫፍ ነው።

ኖራ ብቻ ጨምሮ ፍሎራይድን እስከ መጠጥ ውሃ ወሰን ማውረድ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኖራው መጀመሪያ በጣም የበዛውን ያወርደዋል፣ ከዚያ ጥቂት ሚሊግራም ላይ ሲደርስ ይቆማል። በስምጥ ሸለቆ የተቃጠለ አጥንት ማጣሪያ የተሞከረውም ለዚሁ ነው። አጥንቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ፍሎራይዱን ገጹ ላይ ይይዘዋል፤ ውሃው በፍሎራይት እስኪጠግብ መጠበቅ የለበትም፣ ስለዚህ የዚህ Ksp ወሰን አያስቆመውም።